የተቃጠለው ነጭና የተዋጠው ጥላ

ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ግርጌ ቆሞ ፎቶ ለማንሳት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ወጥ ዐለት ወደ ታች 12 ሜትር ገደማ ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ አንዱን ግድግዳ በቀጥታ ስትመታው ሌላው ግድግዳና የበሩ ውስጥ በጥላ ይዋጣሉ። በሩ ደፍ ላይ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ነጠላ የተከናነቡ ቄስ ቆመዋል እንበል። ፎቶው ሲታይ ጥምጥማቸው እጥፋቱ ጠፍቶ ነጭ ጉብታ ብቻ ሆኗል። ከኋላቸው ያለው በር ደግሞ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀላ ያለ ዐለት ፈዟል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ፎቶውን ላይትሩም ላይ ይከፍትና `Highlights` የሚለውን ስላይደር እስከ −100፣ `Shadows` የሚለውን እስከ +100 ይጎትታል። ጥምጥሙ ነጭ መሆኑ ቀርቶ አመድማ ይሆናል፤ በሩ ውስጥ ሐምራዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፤ ዐለቱም ከበፊቱ ብሶበት ይደበዝዛል። እንዲህ የሚሆነው ነጩና ጥቁሩ የደረሰባቸው ጉዳት ለየቅል ሆኖ ሳለ በአንድ ዓይነት እጅ ስለተያዙ ነው።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሚለያይ ለማየት የካሜራውን ሴንሰር ዝናብ ላይ እንደተደረደሩ ሚሊዮን ጣሳዎች ማሰብ ይበቃል። ብርሃን ዝናቡ ነው። ብዙ ብርሃን ያረፈበት ጣሳ ሞልቶ ከፈሰሰ፣ የፈሰሰው ምን ያህል እንደነበር ማንም መልሶ ሊነግረን አይችልም። አንዱ ጣሳ በጥቂቱ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ በእጥፍ ቢፈስም ሁለቱም የሚመዘገቡት ያው ሙሉ ተብለው ነው። የጥምጥሙ እጥፋት የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጥላው ውስጥ ያሉት ጣሳዎች ግን አልፈሰሱም፤ የገባባቸው ጥቂት ጠብታ ሁሉ አለ። ጠብታ ሲያንስ ግን ዕድል ይገባበታል፤ ጎን ለጎን ያሉና እኩል ብርሃን ሊያገኙ የሚገባቸው ሁለት ጣሳዎች አንዱ ዘጠኝ፣ ሌላው ዐሥራ ሁለት ይዞ ይገኛል።

ፎቶ አንሺዎች ኖይዝ የሚሉት በአብዛኛው ይህን መዛባት ነው። ሕጉም ቀላል ነው፤ የብርሃን ቅንጣቶቹ መዋዠቅ የቁጥራቸው ካሬ ሥር ያህል ነው። 10,000 ቅንጣት የደረሰው ነጥብ በ100 ያህል፣ ማለትም በመቶ አንድ እጅ ይዋዥቃል፤ ዓይን አያየውም። 100 ብቻ የደረሰው በ10፣ ማለትም በመቶ ዐሥር እጅ ይዋዥቃል፤ ይህ በግልጽ ይታያል። ካሜራው ራሱ ምልክቱን ሲያነብ የሚጨምረው ትንሽ ስህተትም አለ። እሱም በጨለማው ክፍል ላይ ይጎላል።

ስለዚህ ጥላውን ስናነሳ ኖይዝ አዲስ አይፈጠርም። የነበረው ነው የሚገለጠው። ብርሃን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ አንድ ስቶፕ ይባላል። ጥላን ሦስት ስቶፕ ማንሳት ምስሉንም መዛባቱንም ስምንት ጊዜ ማባዛት ነው። ኖይዙ ሻካራ ሆኖ ዓይን የሚወጋው ግን ብዙ ጊዜ ከማንሳቱ በኋላ በሚደረገው ነገር ነው፤ ያንን ከታች እናየዋለን።

ወደ ቄሱ ፎቶ እንመለስ። ፎቶው የተነሳው በአይኤስኦ 100፣ በ`f/8`፣ በ1/250 ሰከንድ ነው እንበል። በጠራ ፀሐይ በዚህ አይኤስኦና በዚህ የሌንስ ክፍተት የሚበቃው ፍጥነት 1/500 ገደማ ስለሆነ፣ ፎቶ አንሺው ለጥላው አስቦ አንድ ስቶፕ ብርሃን አብዝቷል ማለት ነው። ለዐለቱ ጉዳት የለውም። ነጭ ጨርቅ ግን አስቀድሞም ከሁሉ የበለጠ ብርሃን የሚመልስ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ስቶፕ ሲጨመርበት ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘችው ጎኑ ሞልቶ ይፈሳል። እንደ ዕድል ሆኖ ፋይሉ ሮው ነው።

ስላይደር ከመጎተት በፊት የቀረውንና የሌለውን መለየት ያስፈልጋል። ዘዴው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። `Exposure` የሚለውን ለጊዜው እስከ −4 ማውረድና ጥምጥሙን ማየት ነው። ፎቶው ሁሉ ሲጨልም የጨርቁ ድርና ማግ፣ የእጥፋቱ ጥላ ብቅ ካለ መረጃው ፋይሉ ውስጥ አለ። ግራጫ ሆኖ ምንም ቅርጽ ካላሳየ ግን የለም፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ጉተታ ያንን ግራጫ ማሳመር አይችልም። በዚህ ፎቶ አብዛኛው እጥፋት ይመለሳል፤ በግንባራቸው በኩል ፀሐይ በቀጥታ ያረፈባት የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ግን ባዶ ናት። እሷን ነጭ አድርጎ መተው ነው የሚሻለው። ፀሐይ ላይ ያለ ነጭ ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ ቢያበራ ማንንም ቅር አይለውም፤ አመድ የመሰለ ጥምጥም ግን ወዲያው ያስታውቃል።

በከፊል የሞላ ቦታ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። ሴንሰሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ ስለሚለካ ሦስቱ በአንድ ጊዜ አይሞሉም። በቀን ብርሃን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞላው አረንጓዴው ነው። አረንጓዴው ቆሞ ቀይና ሰማያዊው ገና ሲጨምሩ ነጩ ጨርቅ ወደ ሮዝ ያደላል። ነጠላ እጥፋት ጠርዝ ላይ የሮዝ ጥላ ያየ ሰው፣ ከሦስቱ አንዱ ጠፍቶ ሁለቱ እንደተረፉ ይወቅ። ይህ ተስፋ ያለው ሁኔታ ነው፤ ምክንያቱም በነጭ ጨርቅ ላይ ሦስቱ ቀለማት አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የተረፉት ሁለቱ የጠፋውን ለመገመት ይረዳሉ። ላይትሩም ይህን ራሱ በውስጡ ይሠራዋል። በነጻ የሚገኘው ዳርክቴብል ደግሞ `highlight reconstruction` በሚባለው ክፍሉ ስልቱን ለተጠቃሚው ያስመርጣል፤ `inpaint opposed` ለአብዛኛው ፎቶ ይበቃል፤ `guided laplacians` ደግሞ ቀርፋፋ ቢሆንም ከአካባቢው እየተበደረ ሰፋ ያለ ቦታ ይሞላል። መሙላት ግን ግምት ነው። የጥለቱን አበባ ፈጥሮ አይመልስም።

አሁን ነጩን ማውረድ ይቻላል። `Exposure` በግማሽ ስቶፕ ይወርዳል፤ `Highlights` ወደ −60 ይጎተታል፤ እጥፋቶቹ ሲለዩ እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙዎች ይዘሉታል። `Alt` ተጭኖ `Whites` ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋል። ስክሪኑ ይጠቁርና የሞሉት ነጥቦች ብቻ ያበራሉ። ያቺ ግንባር ላይ ያለችው ቦታ ብቻ እስክትበራ ገፍቶ ማቆም ነው። በዚህ መንገድ ጥምጥሙ ቅርጹን አግኝቶም በፎቶው ውስጥ ከሁሉ የበራ ነገር ሆኖ ይቀራል። `Highlights` ብቻውን ሲወርድ ፎቶውን የሚያደበዝዘው ነጭ የሚባል ነገር ስለማያስቀርለት ነው።

ጥላው ላይ ሥራው ይረዝማል። እዚህም መጀመሪያ ፍተሻ አለ፤ `Exposure` ለጊዜው እስከ +4 ይወጣና በሩ በ100 ፐርሰንት ቀርቦ ይታያል። የበሩ እንጨት፣ የውስጡ መጋረጃ ጫፍ በሻካራ ቅንጣት መካከል ከታዩ አለ ማለት ነው። ወደ ጎን ወይም ወደ ታች የተሰመሩ ጭረቶች፣ ወይም ሰፋፊ ሐምራዊ ደመናዎች ከታዩ ግን የሚታየው ነገር ከካሜራው የመጣ እንጂ ከበሩ አይደለም። ዓይን ትንሽ ቅንጣትን ይለምዳል፤ ጭረትን ግን አይለምድም፤ ሥርዓት ያለው ስለሆነ ይፈልገዋል። ስለዚህ ማንሳቱ ጭረቱ ከሚጀምርበት በፊት መቆም አለበት።

`Shadows` ፎቶውን በሙሉ ይነካል። +100 ሲደረግ በሩን ብቻ ሳይሆን የዐለቱን ስንጥቅ፣ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የነጠላውን ጥላ ሁሉ አብሮ ያነሳል። ድንጋይ ደግሞ ሻካራነቱ የሚታወቀው በነዚህ ትናንሽ ጥላዎች ነው። እነሱ ሲነሱ ግድግዳው ካርቶን ይመስላል። ስለዚህ `Shadows` በ+25 ገደማ ይበቃዋል፤ የቀረው በማስክ ይሠራል። `Luminance Range` የሚባለው ማስክ የጨለመውን ክፍል ብቻ ይመርጣል፤ እዚያ ላይ `Exposure` በ1.3 ስቶፕ ይነሳና በዚያው ማስክ ውስጥ ያለው `Noise` ስላይደር ወደ 30 ከፍ ይላል። ለቄሱ ፊት ሌላ ማስክ ይሠራል፤ ከነጭ ጥምጥም ሥር በጥላ የተሸፈነ ጠይም ፊት 0.7 ስቶፕ ያህል ሲነሳ ዓይኖቻቸው ይገለጣሉ። ዳርክቴብል ላይ `tone equalizer` ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ብርሃኑን በደረጃ ከፍሎ የሚፈለገውን ደረጃ ብቻ ያነሳል።

የበሩ ጥልቅ ውስጥ ግን ጥቁር እንደሆነ ይተዋል። እዚያ ያለው ምልክት እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲነሳ የሚገኘው ኖይዝ ብቻ ነው። ደግሞስ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤት ውስጡ ጨለማ ቢሆን ምን ነውር አለው?

ኖይዙን ማጽዳት ላይ የሚጠቅም አንድ እውነት አለ። የሰው ዓይን የብርሃንና የጥላን ዝርዝር አጥርቶ ሲያይ በቀለም ዝርዝር ላይ ግን ብዙም አይደለም። ስለዚህ የቀለም ነጠብጣቡን፣ ያን ሐምራዊና አረንጓዴውን፣ በኃይል ማጽዳት ይቻላል፤ ተመልካች የጎደለ ነገር አያይም። ላይትሩም ላይ `Color` ለሮው ፋይል ከ25 ይጀምራል፤ ለዚህ በር 40 አካባቢ ይበቃዋል። ወሰኑን የሚናገረው የነጠላው ጥለት ነው። ቀዩ ጥለት ወደ ነጩ መፍሰስ ወይም መንጣት ከጀመረ በዝቷል ማለት ነው። የብርሃኑን ቅንጣት የሚያለሰልሰው `Luminance` ግን በቁጠባ ነው የሚያዘው፤ ከ15 እስከ 25። ከዚያ ሲያልፍ ዐለቱ ሰም የተቀባ ይመስላል፤ የቄሱ ቆዳም ሽፋሽፍቱና ሽብሽቡ ጠፍቶ የአሻንጉሊት ይሆናል። ጥሩ የጸዳ ጥላ ውስጥ ቅንጣት ጨርሶ አይጠፋም። ደቃቅና ቀለም አልባ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ከፊልም ፎቶ ቅንጣት ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ይቀበለዋል።

ሻካራነቱ ከየት እንደሚመጣ አሁን መናገር ይቻላል። ኖይዝ የሚባባሰው ጥላው በተነሳ ጊዜ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ፎቶው ፈዘዘ ተብሎ `Clarity` እና `Dehaze` ሲጨመሩበት ነው። ሁለቱም ጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ያጎላሉ። ኖይዝ ደግሞ ሁለመናው በጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሻርፕ ማድረግም እንዲሁ። የሠርግ ቪዲዮና ፎቶ በሚሠራባቸው ቤቶች የሙሽራው ጥቁር ሱፍ አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው፤ ሱፉ ይነሳል፣ `Clarity` ይጨመራል፣ በላዩ ሻርፕ ይደረጋል።

መፍትሔው ሻርፑን ከጥላው ማገድ ነው። በሻርፕ ክፍል ውስጥ ያለውን `Masking` `Alt` ተጭኖ ሲጎትቱት ስክሪኑ ነጭና ጥቁር ይሆናል፤ ነጩ ሻርፕ የሚደረገው ነው። የበሩና የጥምጥሙ ጠርዝ፣ ዓይኖቹ፣ የዐለቱ ትላልቅ ስንጥቆች ብቻ ነጭ ሆነው ሲቀሩ ይቆማል። `Clarity` የግድ ካስፈለገ በፀሐይ ላይ ላለው ግድግዳ ብቻ በማስክ ይሰጠዋል። እዚያ ብርሃን ሞልቷል፤ የሚጎላ ኖይዝ የለም።

የመፍዘዙ ጉዳይ የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነጩ ወርዶ ጥላው ሲነሳ ሁለቱ ጫፎች ወደ መሐል ስለተጠጉ ፎቶው መፍዘዙ አይቀርም። የጠፋውን ኮንትራስት የሚመልሰው የመሐሉ ድምፅ ላይ ትንሽ መለጠጥ ነው፤ በ`Tone Curve` መሐሉን ሳይነኩ ከፍ ያለውን ሩብ ትንሽ ማንሳት፣ ዝቅ ያለውን ሩብ ትንሽ ማውረድ። ከዚያ `Alt` ተጭኖ `Blacks` ይወርዳል፤ በሩ ጥልቅ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ነጥቦች ሲጠቁሩ ይቆማል። ይህች ጥቂት ጥቁር ሁለት ሥራ ትሠራለች። ዐለቱ ቀለሙን ያገኛል፤ ከሁሉ የባሰው ኖይዝም ከዓይን ይሰወራል።

የተሳሳተ ነገር እንዳለ የሚታወቀው ደግሞ በጠርዝ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ነጣ ያለ ክር ከታየ፣ ሰማዩን ያወረደውና ግድግዳውን ያነሳው ስሌት ጠርዙ ላይ ተጋጭቷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኤችዲአር የሚባለው ፋሽን ሲነግሥ ይህ ክር እንደ ውበት ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ፎቶውን በአንድ አፍታ ያስረጀዋል። መፍትሔው ሁለቱንም ስላይደር በሩብ መቀነስ ነው።

ፋይሉ ጄፔግ ከሆነስ? አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው ይኸው ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል፤ ካሜራውም ነጩን ከወሰነ በኋላ የተረፈውን ጥሎታል። ስለዚህ የ−4 ፍተሻው ላይ ጥምጥሙ ሙሉ በሙሉ ግራጫ ይሆናል። ነጩን ትቶ በጥላው ላይ ብቻ መሥራት ይሻላል፤ እሱንም ከአንድ ስቶፕ ብዙ ሳያልፉ። ከዚያ በላይ ጄፔግ ፎቶውን የቆራረጠባቸው ስምንት በስምንት ነጥብ ያላቸው አራት ማዕዘኖች እንደ ንጣፍ ይታያሉ። ቀለም አልባ ደቃቅ ቅንጣት በ`Grain` ጣል ማድረግ ንጣፉን ይሸፍነዋል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ እንደ ፎቶ ከሆነ እንደገና ተጨምቋል፤ ሊሠራበት የታሰበ ፎቶ በፋይል መልክ ይላክ።

ስልኮች በአንጻሩ ችግሩን ሲነሳ ጊዜ ነው የሚፈቱት። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ ኤችዲአር ፕላስ የሚባለውን ስልት ገልጸዋል፤ ስልኩ ሆን ብሎ ያጨለማቸውን ብዙ ፎቶዎች በተከታታይ ያነሳና ያማክላቸዋል። እያንዳንዱ ጨለም ያለ ስለሆነ ነጩ አይሞላም። ኖይዙ ደግሞ ከፎቶ ፎቶ ስለሚለያይ ሲማከል ይቀንሳል፤ አራት ፎቶ በግማሽ፣ ዐሥራ ስድስት ወደ ሩብ ያወርደዋል። ሐሳቡ በትሪፖድ ለቆመ ካሜራም ይሠራል። የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ምስሎች ማዋሐድ ራሱ ደግሞ የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ባሕሩን ከአንድ ኔጌቲቭ፣ ሰማዩን ከሌላ አትሞ አንድ ፎቶ ያወጣ ነበር። ለቆመ ግድግዳ ይህ ግሩም ነው፤ ቄሱ ግን ይንቀሳቀሳሉ፤ የነጠላቸው ጫፍም ሁለት ቦታ ይወጣል።

በአንድ ፎቶ ብቻ መሥራት የግድ ሲሆን፣ ቤተ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ የሚሻለው በ1/250 ሳይሆን በ1/640 አካባቢ ማንሳት ነበር። ጥምጥሙ ይተርፋል፤ በሩ ይጨልማል። የጨለመው ኖይዝ ይዞም ቢሆን ይመለሳል፤ የፈሰሰው አይመለስም። ካሜራው ጀርባ ላይ የሚታየው ሂስቶግራም የሚሰላው ከጄፔጉ ስለሆነ ሮው ከሚያሳየው ትንሽ የበለጠ ቦታ አለው፤ ግራፉ የቀኙን ግድግዳ ጥቂት ቢነካ መደናገጥ አያስፈልግም።

ምን ያህል ማንሳት ይቻላል የሚለውን በመጨረሻ የሚወስነው ፎቶው የሚወጣበት መጠን ነው። የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ወደ 6 ሲቀንስ አራት ነጥቦች ወደ አንድ ይማከላሉ፤ ኖይዙም በግማሽ ይወርዳል። በ100 ፐርሰንት ሲታይ የሚያስጨንቀው የበሩ ቅንጣት፣ ለመጽሔት ግማሽ ገጽ ሲታተም ላይታይ ይችላል። ለግድግዳ ትልቅ ሆኖ የሚታተመው ግን ለብቻው ይሠራ፤ የበሩን 1.3 ስቶፕ ወደ 0.8 አውርዶ።